ተናጋሪው ሲለወጥ ታሪኩ እንዳይቆረጥ

«አራት ሆነን ለአለቆቻችን ጥናት ልናቀርብ ነው። እያንዳንዳችን ክፍላችንን በደንብ እናውቃለን፤ ሲገጣጠም ግን አራት የተለያየ ገለጻ ይመስላል። ተናጋሪ ሲለወጥ እንዴት እናያይዘው?»

ብዙ ጊዜ ገለጻ የሚቆርጠው «የእኔ ክፍል ይህን ይመስላል፤ ቀጣዩን ባልደረባዬ ያቀርባል» የሚለው ንግግር ነው። አድማጩ «አለቀ» ብሎ ይሰማዋል። ተከታዩ ስሙን ነግሮ፣ አመስግኖ፣ ርዕሱን አንብቦ እስኪጀምር ሰው ሁሉ ስልኩን ያወጣል። ስማችሁን የመጀመሪያው ተናጋሪ አንድ ጊዜ አስተዋውቆ ይጨርሰው።

እኛ የሜክሲኮን የማታ የታክሲ ሰልፍ አጥንተን ስታዲየም አካባቢ በሚገኝ የሆቴል አዳራሽ ስናቀርብ፣ አስቀድመን የእያንዳንዱን ተናጋሪ የመጨረሻ ዓረፍተ ነገርና የተከታዩን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር አንድ ወረቀት ላይ ጻፍን። በሁለቱ መካከል «ስለዚህ» ወይም «ነገር ግን» ከገባ ክፍሎቹ ተያይዘዋል። የሚገባው «በተጨማሪም» ብቻ ከሆነ ተናጋሪዎቹ ቦታ ቢለዋወጡም ማንም ልብ አይልም፤ ያን ጊዜ ቅደም ተከተሉን እንደገና ማሰብ ያስፈልጋል።

ከዚያ ካነጋገርናቸው ተሳፋሪዎች አንዷን፣ ከሥራ ወጥታ ወደ ጀሞ የምትሄደውን፣ በአራቱም ክፍሎች አስገባናት። የመጀመሪያው ተናጋሪ ሰልፍ ላይ አቆማትና «ከፊቷ ሰው እንጂ ታክሲ የለም። የምትጠብቀው መኪና የት ነው ያለው?» ብሎ ወረደ። ሁለተኛዋ ሰላምታም ርዕስም ሳታስቀድም «ጀሞ ነው፤ ተሳፋሪ አራግፎ ባዶውን ሲመለስ መንገድ ተዘግቶበታል» ብላ ጀመረች። የመንስኤው ክፍል በዚህች መልስ ተከፈተ። እሷም በተራዋ «መኪናው አላነሰም፤ መመለሻው ነው የረዘመው» ብላ ስትጨርስ ሦስተኛው «ስለዚህ ተጨማሪ መኪና አንጠይቅም» ብሎ ተቀበላት። እዚህ ጥያቄ የለም፤ ሆን ተብሎ ነው። መጋጠሚያው ሁሉ በጥያቄ ከተዘጋ አድማጭ ዘዴውን ነቅቶበት ፈገግ ማለት ይጀምራል።

ተከታዩ ተናጋሪ ጓደኛው የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ሲናገር ተነሥቶ ይጠጋ። አዲሱን ስላይድ የሚያወጣው እሱ ነው፤ እሱም መልሱን ከተናገረ በኋላ። መልሱ አስቀድሞ ግድግዳው ላይ ከታየ ሰው አንብቦት ይጨርሳል፤ ጥያቄውም ከንቱ ይቀራል። ሁሉም በአንድ ፋይል፣ በአንድ ኮምፒውተር ይሁን። ፍላሽ ሲነቀልና ሲሰካ፣ የአማርኛው ፊደል ሳጥን ሳጥን ሆኖ ሲመጣ፣ የተሠራው መጋጠሚያ ሁሉ ይፈርሳል።

ልምምድ ላይ ሙሉውን ደጋግማችሁ አትድከሙ፤ ከአንዱ የመጨረሻ ግማሽ ደቂቃ እስከ ተከታዩ የመጀመሪያ ግማሽ ደቂቃ ያለውን ብቻ ደጋግሙ። ቃል በቃል መያዝ ያለበትም እሱ ብቻ ነው። ሰዓት ሲጠብብ ተናጋሪ የሚቆርጠው መጨረሻውን ስለሆነ፣ እያንዳንዳችሁ ከክፍላችሁ መሃል ቢዘለል የማይጎዳ አንድ ምሳሌ ላይ አስቀድማችሁ ምልክት አድርጉ።