«ሰላም» ብቻ ብሎ ለሚጽፍ ደንበኛ የመጀመሪያ መልስ

«የልጆች ጫማ የምሸጥባት ትንሽ ሱቅ አለችኝ። በቴሌግራም በቀን ሠላሳ አርባ ሰው “ሰላም” ወይም “ሃይ” ብሎ ይጽፍልኛል፤ መልሼ እስክጽፍ ይጠፋሉ። ወዲያው የሚላክ የመጀመሪያ መልስ ምን ብዬ ላዘጋጅ?»

እህቴ፣ እኔም ኮዬ ፈጨ ኮንዶሚኒየም ሥር የልጆች ጫማ እሸጣለሁ፤ ነገሩን በገንዘቤ ነው የተማርኩት። አሁን የምጠቀምበትን እንዳለ ውሰጂው፤ ዋጋውንና ቦታውን በራስሽ ቀይሪ፦

«ሰላም፣ እንደምን አሉ? ከ1 እስከ 10 ዓመት ላሉ ልጆች ጫማ እንሸጣለን፤ ዋጋው እንደ ዓይነቱ ከ900 እስከ 1,800 ብር ነው። ሱቁ ኮዬ ፈጨ ሲሆን ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ክፍት ነው። የልጁ እግር ከተረከዝ እስከ ረጅሙ ጣት ስንት ሴንቲ ሜትር ነው? ልኩን ወይም የወደዱትን ጫማ ፎቶ ይላኩልን፤ ያለውን እናሳይዎታለን።»

1. መልሱን በአንድ ጥያቄ ጨርሺው፤ ጥያቄውም ደንበኛው በቁጥር ወይም በፎቶ የሚመልሰው ይሁን። እኔ መጀመሪያ «እንኳን ደህና መጡ፣ ምን እንርዳዎት?» የሚል ነበረኝ። ገጽ እናሳምራለን የሚል ሰው 3,000 ብር ተቀብሎ የሰጠኝ ይኸው ነው፤ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል! «ሰላም» ብሎ የጻፈ ሰው ሰው መኖሩን እያጣራ ነው፤ እኛ አገር ሰላምታ ሳይመለስ ጉዳይ አይነገርም። «ምን እንርዳዎት» ሲባል ግን ሐሳቡን ሁሉ ራሱ እንዲጽፍ ይገደዳል፤ ብዙው ሰው «ዋጋ?» ብሎ ይሄዳል። ዕድሜም አትጠይቂ። ሁለት የአራት ዓመት ልጆች እግራቸው በሁለት ቁጥር ሊለያይ ይችላል፤ ሴንቲ ሜትሩን ከነገሩሽ ግን ለጣት መንቀሳቀሻ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ጨምረሽ ጫማውን ታወጪያለሽ።

2. አንቺ ወይም አንተ አትበይ። «ምን ልርዳሽ» የሚለው መልሴ ለአንድ አባት ደርሶ ሰውየው ተቆጥቶ ነበር። «እርስዎ» ወንድንም ሴትንም ያስተናግዳል።

3. ሰዓቱ። በዚህ ላይ ልቆይ፤ በጳጉሜን፣ ትምህርት ቤት ሊከፈት ቀናት ሲቀሩት፣ ያከሰረኝ እሱ ነውና። Settings ውስጥ Telegram Business ከፍቼ Opening Hours ላይ የሱቁን ሰዓት ስሞላ እንደ ልማዴ 02:00 እስከ 12:00 ብዬ ጻፍኩ። ጠዋት 2 እስከ ምሽት 12 ማለቴ ነው። ስልኩ ግን የእኛን አቆጣጠር አያውቅም፤ የተረዳው ከሌሊቱ 8 ሰዓት እስከ ቀኑ 6 ሰዓት ብሎ ነው። Away Messages ደግሞ ከሥራ ሰዓት ውጭ እንዲላክ አድርጌው ነበር። ስለዚህ ከቀኑ 6 ሰዓት በኋላ ለሚጽፍ ሁሉ «ዛሬ ዘግተናል፣ ነገ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ይምጡ» የሚል መልስ ይሄድ ነበር፤ እኔ ቆጣሪው ኋላ ተቀምጬ ደንበኛ ስጠብቅ! አራት ቀን ሙሉ። ጠዋት ጠዋት ገበያ ስለነበረ አልጠረጠርኩም። ያወቅሁት ጎረቤቴ መጥታ «ዘግታችኋል ስለተባልኩ የሦስቱንም ልጆች ጫማ ሌላ ቦታ ገዛሁ» ስትለኝ ነው። ሱቁና ቤቷ የሚራራቁት በአንድ ሕንፃ ነው።

ትክክለኛው 08:00 እስከ 18:00 ነው፤ በእኛ ሰዓት ላይ ስድስት መጨመር ማለት ነው። ለሰው በምትጽፊው መልስ ውስጥ ግን «ከጠዋቱ 2 ሰዓት» ብለሽ በእኛው ተዪው፤ «ጠዋቱ» እና «ምሽቱ» የሚሉትን ቃላት ብቻ እንዳትረሺ።

ሌላው፣ የመጀመሪያውን መልስ በራሱ የሚልክልሽ፣ እዚያው Telegram Business ውስጥ ያለው Greeting Messages ቴሌግራም ፕሪሚየም ይጠይቃል፤ ለሁሉም «ሰላም» ባይ በየጊዜው አይላክም። አዲስ ለሆነ ሰው ወይም አንቺ ለመረጥሽው ጊዜ (7፣ 14፣ 21 ወይም 28 ቀን) ዝም ብሎ ለቆየ ሰው ነው የሚሄደው። እኔ 7 አድርጌዋለሁ። ትናንት ጽፎ ዛሬ «ሰላም» ለሚል ያንኑ ጽሑፍ Quick Replies ውስጥ አስቀምጬ በ/ ምልክት አወጣዋለሁ፤ ጣቴን አሳርፎኛል። ፕሪሚየም መክፈል ካልፈለግሽ ፌስቡክ ገጽ ላይ Instant reply በነፃ ነው፤ Meta Business Suite ውስጥ ታገኚዋለሽ።

አዘጋጅተሽ ስትጨርሺ ለሱቁ ጽፎ የማያውቅ ሰው ስልክ ተዋሺ፤ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ «ሰላም» ብለሽ ላኪ። «ዘግተናል» የሚል ከመጣ ሰዓቱን አሁን የነገርኩሽ ቦታ ላይ አስተካክዪ።