ቀኑ ያልታወቀ መዋቅራዊ ስብራት፦ ፈተናውና ትንበያው

ጥያቄ፦ «120 የሩብ ዓመት የግሽበት ዳታ አለኝ፤ ሞዴሉ ኤአር(1) ነው። ግራፉን ሳየው መሃል አካባቢ ደረጃው የወረደ ይመስላል። እዚያ ቀን ላይ ቾው ቴስት ሠርቼ ኤፍ 4.3 አገኘሁ፣ ሲግኒፊካንት ነው። አማካሪዬ ግን “ቀኑን ከዳታው መርጠህ አይሆንም” አለኝ። በምን ልፈትሽ? ለትንበያስ የድሮውን ዳታ ልጣለው?»

መልስ፦

አማካሪህ ልክ ነው። ቾው ቴስት የሞዴሉ ኮኤፊሸንቶች ከአንድ ቀን በፊትና በኋላ አንድ መሆናቸውን ይፈትሻል፤ የሚሠራውም ቀኑን ዳታውን ሳታይ ካወቅኸው ነው። አንተ ግን ግራፉ ላይ ልዩነቱ የጎላበትን ቦታ በዓይንህ ፈልገህ አገኘኸው። ብዙ ቀን ፈትሸህ ትልቁን ብቻ እንደያዝክ ይቆጠራል። ምንም ስብራት የሌለበት ዳታ ላይም እንዲህ ከተፈለገ ደህና ኤፍ አይጠፋም።

ስለዚህ ፍለጋውን ራሱን የፈተናው አካል አድርገው። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1960 ያመጣው ሪቻርድ ኳንት ነው፤ ትክክለኛ ክሪቲካል ቫልዩዎቹን ደግሞ በ1993 ዶናልድ አንድሪውስ አወጣለት። ከናሙናው ከሁለቱም ጫፍ 15 በመቶ ትተዋለህ። በቀረው መሃል እያንዳንዱ ቀን ላይ ቾውን ታሰላለህ፣ ከዚያ ትልቁን ኤፍ ትወስዳለህ። ሱፕ-ኤፍ የሚባለው ይኸው ነው። አንተ ቋሚውንም የላግ ኮኤፊሸንቱንም ስለምትፈትሽ ገደቦችህ ሁለት ናቸው። ለተራው ቾው በ5 በመቶ ደረጃ ከ3 ትንሽ ከፍ ያለ ኤፍ ይበቃል። ለሱፕ-ኤፍ ግን 5.86 ያስፈልጋል። ያንተ 4.3 በሁለቱ መካከል ነው። ሙሉ ፍለጋው ከዚህ የተሻለ ቀን ካላገኘልህ በቀር አያልፍም።

አር ላይ እንዲህ ነው የምሠራው፦

```
library(strucchange)
fs <- Fstats(y ~ ylag, data = d, from = 0.15)
sctest(fs, type = "supF")
bp <- breakpoints(y ~ ylag, data = d, h = 0.15)
confint(bp, breaks = 1)
```

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። `Fstats` የሚያወጣው ቁጥር ለገደቦቹ ብዛት አልተካፈለም። ያንተ 4.3 እዚያ 8.6 አካባቢ ሆኖ ይታያል፤ የሚነጻጸረውም ከ11.72 ጋር እንጂ ከ5.86 ጋር አይደለም። ሠንጠረዥ ከማገላበጥ `sctest` የሚሰጠውን ፒ-ቫልዩ ማየት ይሻላል። ደግሞም የላግ ኮኤፊሸንትህ ወደ 1 የተጠጋ ከሆነ ፈተናው ከሚገባው በላይ «ስብራት አለ» ይላል። እንዲህ ሲሆን እኔ በጭራሽ በፈተናው ውጤት ብቻ አልወስንም።

`confint` የሚሰጠውን የቀን ክልል አትዝለለው። የክልሉ ስፋት የሚወሰነው የስብራቱ መጠን ከተለመደው ሾክ አንጻር ምን ያህል ነው በሚለው ነው። ዳታ ስትጨምር በሩብ ዓመት ሲቆጠር አይጠብም። ስብራቱ ትንሽ ከሆነ ክልሉ ብዙ ዓመታት ይሸፍናል። ያኔ ነጥብ ቀኑን ይዞ «ይህን ያመጣው ያ ፖሊሲ ነው» ማለት አይቻልም።

አሁን ወደ ትንበያው እንምጣ፤ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። በቁጥር ላሳይህ። እውነተኛው ሂደት የላግ ኮኤፊሸንቱ 0.5፣ የሾኩ መደበኛ ልይይት 1 ነው እንበል። አማካዩ በመጀመሪያዎቹ 80 ሩብ ዓመታት 8 በመቶ ነበር፣ በመጨረሻዎቹ 40 ደግሞ 4 ሆነ። አንተ ይህን ሳታውቅ 120ውን በአንድ ላይ ገመትክ። ሞዴሉ በሁለት ደረጃ መቀመጡን እንደ ረጅም ትዝታ ስለሚያነበው፣ የላግ ኮኤፊሸንቱ ከ0.5 ወደ 0.86 አካባቢ ይወጣል። አማካዩም 6.7 ገደማ ይሆናል። የሬዚጁዋሉ መደበኛ ልይይት ግን ከ1 ወደ 1.1 ገደማ ብቻ ነው የሚያድገው። ስለዚህ ሞዴሉ ከዳታው ጋር ምን ያህል እንደገጠመ ብቻ ያየ ሰው ምንም አይጠረጥርም።

ግሽበቱ አሁን 4 ላይ ቆሟል እንበል። ለሚቀጥለው ሩብ ዓመት ሞዴሉ 4.4 ይላል፤ ይህ ብዙ አያስከፋም። ለአራተኛው ሩብ ዓመት 5.2 ይላል። ለስምንተኛው 5.9። ትክክለኛው መልስ ግን በሁሉም ላይ 4 ነው። የአንድ ሩብ ዓመት ስህተትን ብቻ የሚከታተል ሰው ችግሩ አይታየውም። በሥራዬ ላይ ደጋግሜ ያየሁት ምልክት ይኸው ነው፦ በየሩብ ዓመቱ የወጡትን የሁለት ዓመት ትንበያዎች በእውነተኛው መስመር ላይ ደርበህ ስትሥላቸው፣ ሁሉም ወደ አንድ የድሮ ከፍታ ይጎነበሳሉ። መስመሩ ግን ታች ይቀራል። ይህን ግራፍ ከየትኛውም ፈተና በፊት ሥራው።

ታዲያ የድሮው ዳታ ይጣል? ከላይ ባለው ምሳሌ አዎ፤ ለውጡ 4 ነጥብ ነው፣ ከለውጡ በኋላም 40 ምልከታ አለ። ግን ሁልጊዜ አይደለም። ፔሳራንና ቲመርማን እ.ኤ.አ. በ2007 ያሳዩት፣ ከስብራት በፊት ያለ ዳታ መጨመር አንዳንዴ ትንበያውን እንደሚያሻሽል ነው። አድልዎ ያመጣል፣ በምትኩ የግምቱን መዋዠቅ ይቀንሳል።

ቀላሉን እንውሰድ፤ አማካይ ብቻ ነው የምንገምተው፣ የሾኩ ልይይት 1 ነው፣ ከስብራቱ በኋላ 6 ምልከታ ብቻ አለን። በስድስቱ ብቻ ከገመትን የግምቱ አማካይ ስኩዌር ስህተት 0.167 ነው። ከስብራቱ በፊት የነበሩ 4 ምልከታዎች ጨመርን እንበል። አማካዩ የተለወጠው በ0.5 ከሆነ ስህተቱ ወደ 0.14 ይወርዳል፤ ተጠቀምን። የተለወጠው በ2 ከሆነ ግን 0.74 ይሆናል፤ ከሰርን። ስለዚህ «ስብራት አለ ወይስ የለም» የሚለው ፈተና ይህን ጥያቄ አይመልስም። ስብራቱ እውነተኛ ሆኖ፣ ችላ ማለቱ የተሻለ ትንበያ የሚሰጥበት ጊዜ አለ። ያንተ ኤፍ ደካማ ስለሆነ ለውጡም ትልቅ ላይሆን ይችላል። የድሮውን ጠራርገህ ለመጣል አልቸኩልም ነበር።

ሌላው፣ የተሰበረው አማካዩ ሳይሆን ቫርያንሱ ሊሆን ይችላል። የአሜሪካ ጂዲፒ ዕድገት መዋዠቅ እ.ኤ.አ. በ1984 አካባቢ በጣም ቀንሶ ነበር፤ ማኮኔልና ፔሬዝ-ኪሮስ ይህን በፈተና አሳይተው ያሳተሙት ግን በ2000 ነው። እንዲህ ያለው ለውጥ የነጥብ ትንበያህን ብዙም አይነካውም። የትንበያ ክልልህን ግን ያበላሸዋል፤ በድሮው ቫርያንስ ከሠራኸው ከሚገባው በላይ ሰፊ ይሆናል። የሬዚጁዋሉን ስኩዌር ወስደህ ለብቻው ፈትሸው።

ከሁሉም ለትንበያ የሚከብደው ጫፉ ነው። ከ120 ሩብ ዓመታት 15 በመቶ 18 ነው። ሱፕ-ኤፍ በመጨረሻዎቹ አራት ዓመት ተኩል ውስጥ ስብራት ጨርሶ አይፈልግም ማለት ነው፤ ትንበያህን ይበልጥ የሚጎዳውም እዚያ የተፈጠረ ስብራት ነው። እኔ ለዚህ ሁለት ነገር አደርጋለሁ። አንደኛ፣ በመጨረሻዎቹ 30፣ በ60 እና በ120 ሩብ ዓመታት ለየብቻ ገምቼ ሦስቱን ትንበያዎች በእኩል ክብደት አማካይ እወስዳለሁ። ሁለተኛ፣ የመጨረሻዎቹ ሬዚጁዋሎች ሁሉም በአንድ አቅጣጫ ከሆኑ፣ ለምሳሌ አምስቱም ኔጋቲቭ ከሆኑ፣ አማካያቸውን ትንበያው ላይ እደምራለሁ። ይህ ማስተካከያ ስብራት ከሌለ መዋዠቅን ይጨምራል። ስለዚህ አንድ ሩብ ዓመት ብቻ ስላመለጠኝ አልጠቀምበትም። ምልክቱ ሲቀላቀልም አነሳዋለሁ።