የሱቁ መሳቢያና የቤቱ ኪስ፦ ለአዲስ ባለሱቅ የተጻፈ ደብዳቤና ተከታይ ጥያቄዎቹ

ጥያቄ (ከማራኪ፣ አዲስ ባለሱቅ)፦ መስከረም መጀመሪያ ላይ አነስተኛ የሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ ከፈትኩ። ገበያው ጥሩ ነው፤ ማታ ማታ ገንዘብ እቆጥራለሁ። ኅዳር መጨረሻ ላይ ዕቃ ለማምጣት ስነሳ ግን እጄ ላይ 7,000 ብር ብቻ አገኘሁ። ገንዘቡ የት ገባ?

መልስ፦ ይድረስ ለወንድሜ።

የላኩልኝን የደብተር ፎቶግራፍና የግዥ ደረሰኞች አይቼ፣ እሑድ ዕለት ከባለቤትዎ ጋር ሆናችሁ የቆጠራችሁትንም ዕቃ ይዤ ይህን ጽፌልዎታለሁ። ሥራ ሲጀምሩ 180,000 ብር ነበረዎት፤ 150,000 ብሩ ዕቃ፣ 20,000 ብሩ መደርደሪያና ሚዛን፣ የቀረው 10,000 ብር ጥሬ ገንዘብ ነበር። ኅዳር 30 ቀን ሲቆጠር ደግሞ በግዥ ዋጋው 118,000 ብር የሚያወጣ ዕቃ፣ 7,000 ብር ጥሬ ገንዘብና ከደንበኛ የሚሰበሰብ 16,000 ብር ዱቤ ተገኝቷል። መደርደሪያውንና ሚዛኑን በገዙበት ዋጋ ብንይዘው (እርጅናውን ለዛሬ እንተወው) ጠቅላላው 161,000 ብር ነው። የአቅራቢ ዕዳ የለብዎትም። ስለዚህ ሀብትዎ በሦስት ወር ውስጥ በ19,000 ብር ቀንሷል።

ይህ 19,000 ብር ሁለት ፈጽሞ የማይመሳሰሉ ነገሮችን ሊናገር ይችላል። ወይ ሱቁ እየከሰረ ነው፤ ወይ ሱቁ እያተረፈ ቤቱ ከትርፉ በላይ እየወሰደ ነው። ሱቁ ከሆነ የከሰረው ዋጋ ማስተካከል፣ የማይነሣ ዕቃ ማምጣት ማቆም ወይም ኪራዩ ቀለል ያለ ቦታ መፈለግ ያስፈልጋል፤ ቤቱ ከሆነ የወሰደው ግን ሱቁን መንካት የለብዎትም። የሱቁና የቤቱ ገንዘብ ከአንድ መሳቢያ እየወጣ እስከኖረ ድረስ የትኛው እንደሆነ እኔም ሆንኩ ሌላ የሒሳብ ሠራተኛ ከቆጠራው ብቻ ልንለይልዎ አንችልም። በእኔ ግምት ብዙ ሰው ደህና የሆነ ሱቅ የሚዘጋው እዚህ ላይ ተሳስቶ ነው።

እርስዎን ያተረፈዎት የባለቤትዎ ማስታወስ ነው። ከሱቁ ገንዘብ ለቤት ኪራይ በወር 5,000 ብር፣ በሦስት ወር 15,000 ብር ወጥቷል። ለእቁብ በሳምንት 800 ብር፣ በ13 ሳምንት 10,400 ብር ሄዷል። ለእህትዎ ሠርግ 5,000 ብር ሰጥተዋል። ከመደርደሪያው ወደ ቤት የገባው ዘይት፣ ስኳር፣ ሳሙናና መኮሮኒ በግዥ ዋጋው ሲገመት 9,000 ብር ነው። ድምሩ 39,400 ብር ይሆናል። ይህን ከወሰዱ በኋላ የጎደለው 19,000 ብር ብቻ ከሆነ፣ ልዩነቱን ሱቁ ሠርቶ የሞላው ነው ማለት ነው፤ ይኸውም 20,400 ብር ትርፍ ነው። በወር ሲካፈል ሱቁ 6,800 ብር ያስገኛል፤ ቤቱ ግን 13,000 ብር አልፎ ይወስዳል። ሱቅዎ አልከሰረም፤ እየተበላ ነው።

ከዛሬ ጀምሮ እንዲህ ያድርጉ። ለራስዎ የሳምንት ድርሻ ይቁረጡ፤ አሁን ባለው ትርፍ ከ1,500 ብር መብለጥ የለበትም፤ ይህም በ13 ሳምንት 19,500 ብር ስለሚሆን ከትርፉ በታች ነው። ቅዳሜ ማታ አንድ ጊዜ ያንሱት፤ በደብተሩ ላይ «ለቤት የተወሰደ» ብለው ይጻፉ፤ ከዚያ ወዲያ ዳቦም ሆነ ታክሲ ከዚያው ይከፈል። ዕቃ ወደ ቤት ሲገባ በግዥ ዋጋው በዚያው ዓምድ ይጻፍ። የሱቁ የባንክ ሒሳብና የቴሌብር ቁጥር የግል ገንዘብ የማይገባባቸው ይሁኑ። የቤቱ ቀሪ ፍላጎት ከድርሻው በላይ መሆኑን አውቃለሁ፤ ያንን ግን ከሌላ ገቢ ወይም ከወጪ ቅነሳ መሸፈን እንጂ ከዕቃው መነቀል የለበትም።

ጥያቄ (ከአራዳ፣ ልብስ ነጋዴ)፦ ጋሼ፣ በእቁቡ አልስማማም። እቁብ ቁጠባ ነው እንጂ ወጪ አይደለም። እንዴት ከተበላው ጋር ይደመራል?

መልስ፦ ግማሹ ልክ ነዎት፤ ነገሩ የሚወሰነው ዕጣው ሲወጣ ገንዘቡ ወዴት እንደሚገባ ነው። ወደ ሱቁ ተመልሶ ዕቃ የሚገዛበት ከሆነ 10,400 ብሩ የሱቁ ሀብት ነውና በ161,000 ላይ ይደመራል፤ ከተወሰደውም ይቀነሳል። ያኔ የተወሰደው 29,000 ብር ብቻ ይሆናል። ትርፉ ግን በሁለቱም መንገድ ያው 20,400 ብር ነው፤ ምክንያቱም ገንዘቡ ቦታ ቀየረ እንጂ ሱቁ የሠራው አልተለወጠም። ወንድማችንን ስጠይቃቸው ዕጣው ለቤት ዕቃ መግዣ ታስቧል ስላሉኝ ነው ከቤቱ ጋር የደመርኩት። ለሱቅ አንድ፣ ለቤት ሌላ እቁብ የሚጥሉ ነጋዴዎችን አውቃለሁ፤ ዳኛው እየተቆጣም ቢሆን ስሙን ለይቶ ይጽፍላቸዋል።

ጥያቄ (ከአዘዞ፣ ጡረተኛ)፦ እኔ በስሜ የንግድ ፈቃድ ያወጣሁ ግለሰብ ነኝ። በሕግ እኔና ሱቄ አንድ ነን። ታዲያ አንድ የሆነን ነገር መለየት ምን ይባላል?

መልስ፦ አባቴ፣ ሕጉን በተመለከተ የተናገሩት ትክክል ነው። ግለሰብ ነጋዴ ሱቁ ዕዳ ቢገባ አበዳሪው ቤቱንና የግል ንብረቱን ሊጠይቅ ይችላል፤ ሁለት ደብተርና ሁለት የባንክ ሒሳብ መያዝ ከዚህ አያድንም። ያንን ጥበቃ የሚፈልግ ሰው በ2013 ዓ.ም. በወጣው የንግድ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 1243፣ የተፈቀደውን ባለ አንድ አባል ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ሊያስብ ይችላል። በዚያ ግን ገንዘቡ የማኅበሩ እንጂ የእርስዎ ስላይደለ ከመሳቢያ ዘርዘር ያለ ኖት አንሥቶ መሄድ ይቀራል፤ ለትንሽ ሱቅ ጣጣው ይበዛል ባይ ነኝ። እኔ የምለው መለየት ግን ስለ ዕዳ አይደለም፤ ሱቁ ምን እንደሠራ ለማወቅ ነው።

ጥያቄ (ስሜ ይቆይ)፦ ባለቤቴ አስተማሪ ናት፤ ደመወዟን ከእኔ ጋር ቀላቅለን ነው የምንኖረው። ይህን ካነበብኩ በኋላ ልንለይ ነው ብዬ ስነግራት ተቀየመችኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ይቅርታ ይጠይቋት፤ የተባለው ያ አይደለም። በትዳር ውስጥ የሚገኘው ገቢ የጋራችሁ ነው፤ በአንድ ላይ መኖራችሁ ከሱቁ ደብተር ጋር አይጋጭም። የሚለየው ሱቁ ከቤቱ እንጂ እርስዎ ከእሷ አይደሉም። እንዲያውም ቤቱ በእሷ ደመወዝ የሚሸፈን ከሆነ የሱቁን የሳምንት ድርሻ ዝቅ ማድረግ ስለሚቻል ሱቁን የምታሳድገው እሷ ናት። ከደመወዟ ለሱቅ ዕቃ የወጣ ገንዘብ ካለ ግን «ከቤት የገባ» ተብሎ ይጻፍ፤ አለዚያ እንደ ሽያጭ ይቆጠርና ሱቁ ያላተረፈውን ያተረፈ ይመስላል።

ጥያቄ (ከፒያሳ፣ የሞባይል ዕቃ ሻጭ)፦ የእኔ ጉዳይ ከግብር ጋር ነው። ወንድሜ ከውጭ አገር ለእናታችን ሕክምና የላከው ገንዘብ በሱቁ የባንክ ሒሳብ ገባ። በኋላ ሒሳቤ ሲመረመር ሽያጭ ነው ተብሎ ተያዘብኝ። መብቴ ምንድን ነው?

መልስ፦ እንዲህ ያለው ነገር ሲያጋጥም የመጀመሪያው ጥያቄ ማስረጃ ነው። ባንኩ ገንዘቡ የተላከበትን ማስረጃ ይሰጥዎታል፤ የሆስፒታሉን ደረሰኝም ያያይዙና በተሰጥዎት የጊዜ ገደብ ውስጥ ቅሬታዎን በጽሑፍ ያቅርቡ። ይቀበሉታል ብዬ ግን ቃል አልገባም፤ ገንዘቡ በሱቁ ሒሳብ ገብቶ በሱቁ ዕቃ ግዥ ከወጣ ለእናት ሕክምና ነበር የሚለው ነገር ይደክማል። ወረቀቱን ሳላይ ከዚህ በላይ መናገር አልችልም።

ተቃራኒውም እንዲሁ ያስከፍላል። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 የግል ፍጆታ ወጪን እንደ ንግድ ወጪ አይቀበልም። የቤት ኪራይና የልጅ ትምህርት ክፍያ ከሱቁ ወጪ ጋር ተቀላቅሎ የተገኘበት ሰው እነዚህ ውድቅ ሲደረጉበት፣ መርማሪው ትክክለኛዎቹንም በጥርጣሬ ማየት ይጀምራል።

ጥያቄ (ከአራዳ፣ ልብስ ነጋዴ፣ በድጋሚ)፦ እንግዲያው ለራሴ ደመወዝ ቆርጬ እንደ ወጪ አስመዝግቤ ግብሬን ብቀንስስ?

መልስ፦ ግለሰብ ነጋዴ ለራሱ የሚከፍለው ደመወዝ የትርፉ ክፍፍል እንጂ የሱቁ ወጪ አይደለም። ሆኖም ዋጋ ሲተምኑ «በዚህ ሰዓት ሌላ ቦታ ተቀጥሬ ብሠራ ስንት አገኝ ነበር?» ብለው ማስላትዎ ጥሩ ነው። በዚህ ላይ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ከእኔ ይለያል፤ ትንሽ ነጋዴን ግራ ያጋባል ይላል። ክርክራችን አላለቀም።

ጥያቄ (በቀኃ አካባቢ ውኃና ለስላሳ የሚሸጥ)፦ በጥምቀት ሰሞን ገንዘቡ ብዙ ስለሚሆን ትንሽ ለራሴ ባነሣ ሱቁን አይጎዳውም። በዚህስ?

መልስ፦ የጥር 11 ማታ መሳቢያው ሙሉ የሚሆነው በአብዛኛው ገና ያልተከፈለ የአከፋፋይ ገንዘብ ስላለበት ነው። መጀመሪያ የለስላሳውን ዋጋና የባዶ ጠርሙሱን ማስያዣ ይለዩ፤ የተረፈውን ደግሞ ገበያው ቀዝቀዝ በሚልበት ወር ኪራዩ ከየት እንደሚመጣ አስበው ይንኩት።

ጥያቄ (ከማራኪ፣ የመጀመሪያው ጠያቂ)፦ አንድ ሳምንት ሞከርኩ። ማክሰኞ መነሻዬ 1,500 ብር ነበር፤ ሽያጩ 4,120 ብር፣ ከዚህ 900 በቴሌብር፣ 220 በዱቤ ነው። ለተሸካሚ 350 ከፈልኩ። መሳቢያው ውስጥ ያገኘሁት 3,950 ብር ነው። ልክ ነው?

መልስ፦ 1,500 እና 4,120 ተደምሮ፣ 900፣ 220 እና 350 ሲቀነስ 4,150 ብር ሊገኝ ይገባ ነበር። 200 ብር ጎድሏል። ከረዳትዎ በፊት ራስዎን ይጠይቁ፤ ማክሰኞ ምሳ ከየት በሉ?

ጥያቄ (የዚያው ጠያቂ)፦ ምሳ አይደለም። ልጄ ደብተር ጠይቃኝ ሰጥቻት ነበር፤ አሁን ትዝ አለኝ።

መልስ፦ «ለቤት የተወሰደ፣ 200» ብለው በማክሰኞው ገጽ ይጻፉት። ቅዳሜ የሚያነሡት 1,300 ብር ነው።