የመስከረም 1 ልጅ 18 የሚሞላው መቼ ነው?

ልጆች፣ ፒያሳ ቡና ላይ አንዱ ከእናንተ «ጋሼ፣ ዕድሜ ማስላት ምን ያስቸግራል? ዛሬን ከልደት ቀን መቀነስ ነው» ብሎኝ ነበር። ያን ቀን ስቄ አለፍኩት። ዛሬ ግን በደንብ ልመልስለት፤ ምክንያቱም እኔም በእሱ ዕድሜ ሳልሆን ሸብቼ እያለሁ በዚችው ፈንክሽን ተዋርጃለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚሁ ደሴ ላለ አንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር ፕሮግራም ሠርቼ ነበር። ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ በወላጁ ስም ይቆጥባል፣ 18 ሲሞላ ደብተሩ በራሱ ስም ይዞራል። የሞላቸውን ስም ዝርዝር ፕሮግራሙ በየቀኑ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ አውጥቶ ያስቀምጣል፤ ጠዋት ሠራተኞቹ ያንን ያያሉ። የ2018 አዲስ ዓመት ሐሙስ ዋለ። አርብ፣ መስከረም 2፣ ሁለት ያክስት ልጆች ከሐይቅ ተነሥተው አብረው መጡ። ልጅቷ የተወለደችው ጳጉሜ 6 ቀን 1999፣ ልጁ በማግሥቱ መስከረም 1 ቀን 2000 ነው። ልጅቷ ደብተሯን ተቀበለች። ልጁን «አንተ ገና 17 ነህ» አሉት። የልደት የምስክር ወረቀቱን ይዞ ቆሟል፣ ወረቀቱ ላይ መስከረም 1 ይላል፣ ቀኑ መስከረም 2 ነው። ስልኬ ጮኸ።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ሰዓቱን ነው፣ አልተሳሳትኩምም። ሰርቨሩ የኪራይ ነው፣ ሰዓቱ በUTC ነው የሚሄደው። እኛ ከUTC በ3 ሰዓት እንቀድማለን። ስለዚህ በእኛ ከሌሊቱ 6 እስከ 9 ሰዓት ድረስ ሰርቨሩ ገና ትናንት ላይ ነው ያለው። የእኔ ዝርዝር ደግሞ የሚወጣው 7 ሰዓት ላይ፣ ልክ በዚያች ቀዳዳ ውስጥ! በፈረንጅ ሴፕቴምበር 12 ገብቶ ሳለ ሰርቨሩ 11 ነው እያለ ነበር። ማለት ዝርዝሩ ከተሠራበት ጀምሮ ሁልጊዜ አንድ ቀን ይዘገይ ነበር፣ ማንም በልደቱ ዕለት ስለማይመጣ አልታወቀም እንጂ። ማስተካከያው ቀላል ነው፦

```python
from datetime import datetime
from zoneinfo import ZoneInfo
zare = datetime.now(ZoneInfo("Africa/Addis_Ababa")).date()
```

ዊንዶውስ ላይ የሰዓት ክልሉን አላገኘሁም ካላችሁ `pip install tzdata` በሉት።

ይህን ቀይሬ እንደገና ሳስኬደው ልጁ 18 ሆነ። እዚህ ላይ ላፕቶፔን ዘግቼ መሄድ እችል ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ተነሥቼም ነበር። ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ሐሙስ ዕለት፣ በራሱ ልደት ቀን፣ ቢሮው በበዓል ባይዘጋና ልጁ ቢመጣስ? ሞከርኩት። 17 አለኝ። ሰዓቱ ተስተካክሎ እያለ ማለት ነው።

ሁለተኛው ጥፋት ከዚያ በታች ተደብቆ ነበር። እኔ የልደቱን ቀን ወደ ፈረንጅ ቀይሬ ነበር የማስቀምጠው። 1999 ጳጉሜ 6 የሆነችበት ዓመት ስለነበረ መስከረም 1 ቀን 2000 የዋለው በሴፕቴምበር 12, 2007 ነው። መስከረም 1 ቀን 2018 ግን የዋለው በሴፕቴምበር 11, 2025 ነው። በእኛ ልደቱ ደርሷል፣ በፈረንጅ አንድ ቀን ይቀረዋል። የልጅቷ ጳጉሜ 6 ደግሞ በሴፕቴምበር 11, 2007 ነበር፣ እሷ በሁለቱም 18 ሞልታለች። አያችሁት? በእኛ አቆጣጠር ሁለቱ 18 የሚሞሉት በአንድ ቀን ነው፤ ምክንያቱም በ2017 ጳጉሜ 6 ስላልነበረች ልጅቷ ጳጉሜ 5 ላይ ገና ናት፣ መስከረም 1 ላይ ሞላች። በነገራችን ላይ ይህ የመስከረም 1 ልጆች ጣጣ ብቻ አይደለም። ጳጉሜ 6 በሆነች ማግሥት ባለው ዓመት ከመስከረም 1 እስከ የካቲት 21 የተወለደ ሁሉ ያው ነው፤ ፈረንጆቹ የራሳቸውን ትርፍ ቀን በፌብሩዋሪ መጨረሻ ጨምረው እስኪደርሱብን ድረስ ቀኖቹ በአንድ ይሸሻሉ።

ስለዚህ ዕድሜ የሚሰላው ሰነዱ በተጻፈበት አቆጣጠር ነው። ልደቱን በእኛ ዓመት፣ ወርና ቀን እንዳለ አስቀምጡት፣ የዛሬን ቀን ደግሞ አንድ ጊዜ ወደ እኛ ቀይሩና ለፈንክሽኑ ስጡት፦

```python
def edme(ldet, zare):
    ly, lm, lq = ldet
    zy, zm, zq = zare
    return zy - ly - ((zm, zq) < (lm, lq))
```

የመጨረሻው ቅንፍ ልደቱ ዘንድሮ ገና ከሆነ 1 ነው፣ ከደረሰ 0። አለቀ። ጳጉሜን 13ኛ ወር አድርጋችሁ ከሰጣችሁት ለጳጉሜ 6 ልጅ ሌላ ብልሃት አያስፈልግም። `edme((1999,13,6),(2017,13,5))` 17 ይላል፣ `(2018,1,1)` ስትሰጡት 18። ፈንክሽኑ ውስጥ ሰዓት የሚያይ ነገር እንዳታስገቡ። ዛሬን ከውጭ ስለሚቀበል ነው እኔ አርብ ቁጭ ብዬ ሐሙስን መሞከር የቻልኩት።

በ365 ማካፈልን እርሱት። ለልጅቷ ሞክሬዋለሁ፤ 18 ዓመቷ 6,575 ቀን ነው፣ 18 ጊዜ 365 ግን 6,570። አምስት ቀን አስቀድሞ ጳጉሜ 1 ላይ ያስረክባታል። በ365.25 አካፍሉ የሚል ብልጥም አለ፤ እሱ ደግሞ በመሀል ትርፍ ቀን ካልገባ የአንድ ዓመት ሕፃንን በልደቱ ቀን ዜሮ ዓመት ይለዋል።

ሌላው የማየው፣ ልደትን ከነሰዓቱ ማስቀመጥ ነው። ጃቫስክሪፕት ላይ የእኛን እኩለ ሌሊት `toISOString` ስትሉት ወደ ትናንት ይገባና `2007-09-10T21:00:00.000Z` ሆኖ ይቀመጣል። ዳታቤዛችሁን ክፈቱና ልደቶቹ ሁሉ በ21:00 የሚያልቁ ከሆነ በሽታው ይሄ ነው። ሰው የሚወለድበት ሰዓት እንዲህ አይገጥምም መቼም።

ዕድሜ በወር የምትቆጥሩ ከሆነ፣ ለሕፃናት ክትባት እንደሚደረገው፣ ፈንክሽኑን እንዳለ አትውሰዱት። የእኛ ወር ሁሉ 30 ስለሆነ የፈረንጆቹ የ31 እና የ28 ጭቅጭቅ የለብንም፣ ደስ ሲል! ጳጉሜ ግን አለች። ነሐሴ 10 የተወለደ ሕፃን መስከረም 10 ስንት ወሩ ነው? ጳጉሜን እንደ ሙሉ ወር ከቆጠራችሁ የ35 ቀን ሕፃን ሁለት ወር ሆነ ማለት ነው። እናቱ ትስቅባችኋለች። ደመወዝ የማይከፈልበትን ወር እንደ ወር አትቁጠሩ፤ ጳጉሜ 1ን ነሐሴ 31፣ ጳጉሜ 6ን ነሐሴ 36 አድርጉና በዓመት 12 ወር አስሉ። በዚህ ሒሳብ የጳጉሜ 3 ልጅ ልደቱ ነሐሴ 33 ይሆንና፣ መስከረም 33 ስለሌለው አንድ ወር የሚሞላው ጥቅምት 1 ነው። ትንሽ ይዘገያል፤ ለእኔ ሳይሞላ ሞላ ከማለት ይሻላል፣ ክሊኒኩን ግን ጠይቁ።

ፈንክሽኑ የማያስተካክለው አንድ ነገር አለ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት የተወለደን ልጅ እናቱ «ሰኞ ለማክሰኞ ሌሊት» ትላለች፣ አንዱ ጸሐፊ ሰኞ፣ ሌላው ማክሰኞ ብሎ ይጽፋል። እኔ ራሴ መታወቂያዬ ላይ መስከረም 1 ነኝ፤ እናቴ ግን የወለደችኝ ጤፍ ሲታጨድ ነው።

ልጁን በዚያው አርብ ከሰዓት ደውለን መለስነው። የአክስቱ ልጅ ግን እስካሁን «ታናሼ» እያለች ታበሽቀዋለች አሉ።