የቦይ ውኃ ጥያቄና መልስ፦ ቀስ ያለውና የሚጣደፈው

የሃይድሮሊክስ ተማሪ፣ ኮምቦልቻ፦ ኢንጂነር፣ በአንድ ኢነርጂ ሁለት ጥልቀት ይወጣል ይሉናል። ውኃው የቱን እንደሚይዝ በምን ይታወቃል?

አብሽሪ፣ የኢነርጂና የጥልቀት ከርቩ ብቻውን አይነግርሽም። 2 ሜትር ስፋት ያለው አራት ማዕዘን ቦይ በሰከንድ 3 ሜትር ኩብ ይሸከም እንበል፤ ለአንድ ሜትር ስፋት 1.5 ይደርሳል። ጥልቀቱ 1 ሜትር ሲሆን ከቦዩ ወለል የሚለካው ኢነርጂ፣ ስፔሲፊክ ኢነርጂ የምንለው፣ 1.115 ሜትር ነው። E = y + q²/(2gy²) ውስጥ ለq ያንኑ 1.5፣ ለጥልቀቱ ለy 0.40 ብታስገቢም ከሞላ ጎደል ያው ይወጣል፤ ፍጥነቱ ግን ከ1.5 ወደ 3.75 ሜትር በሰከንድ ያድጋል። ቦዩ ላይ የብረት መዝጊያ አድርጊና ከሥር ክፈቺው፦ ከኋላው የተጠራቀመው 1 ሜትሩን ይይዛል፣ ከሥሩ የሚወጣው 40 ሳንቲሜትሩን። የከርቩ አፍንጫ ደግሞ 0.61 ላይ ነው፤ ክሪቲካል ጥልቀት የምንለው እሱ ነው፣ ኢነርጂውም ከሁሉ አነስተኛው፣ 0.918።

ፎርማን፦ እኔ በሰከንድ 2 ሜትር ካለፈ ፈጣን ነው እላለሁ። ለሥራ ይበቃል።

ለጎርፍ ቦይ ብዙ ጊዜ ያስኬድሃል፣ ውኃው ስስ ስለሆነ። የቦርከና ወንዝ ሲሞላ ግን ያሳስትሃል። 2 ሜትር ጥልቀት ላይ ትንሽ ሞገድ በሰከንድ 4.4 ሜትር ትሄዳለች፤ ስለዚህ ውኃው 3 ሜትር በሰከንድ ቢሄድም ገና ቀስ ያለ ነው። ለጥ ያለ ቦታ ፈልግና ጠጠር ጣል፤ ቀለበቱ ሽቅብ ከወጣ ቀስ ያለ፣ ሙሉ በሙሉ ቁልቁል ከተወሰደ የሚጣደፍ ነው። አረፋና ድንጋይ የበዛበት ላይ አትፍረድ።

የደሴ ነዋሪ፦ ደጃችን ያለው ቦይ ክረምት ይሞላል። ወለሉ ላይ ትንሽ ኮንክሪት ብናፈስበት ውኃው አይፈጥንልንም?

እማማ፣ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ከሆነ ጉብታ ሠራችሁ ማለት ነው። በዚያው ምሳሌ ወለሉን 10 ሳንቲሜትር ብናነሳ፣ ቀስ ያለው ውኃ ገጹ 4 ሳንቲሜትር ዝቅ ይላል፤ የሚጣደፈው ግን 15 ያህል ይነሳል። ጉብታው 20 ሳንቲሜትር ካለፈ ያለው ኢነርጂ አይበቃም፣ ቀስ ያለው ውኃ ወደ ኋላ ይቆለላል። የደሴ ቁልቁለት ላይ የእርስዎ የሚጣደፈው ሳይሆን አይቀርም፤ ታች ያለው ቱቦ በላስቲክ ተደፍኖ ከሆነ ግን ሌላ ነው፣ ሳላየው አልፈርድም። መጀመሪያ ቱቦውን ያስጠርጉ።

ተማሪዋ እንደገና፦ አነስተኛው ኢነርጂ ክሪቲካል ላይ ከሆነ ለምን እዚያው ዲዛይን አናደርግም?

ውኃው አይረጋማ! አፍንጫው ላይ ከርቩ ቀጥ ብሎ ይቆማል። በምሳሌያችን 1 ሳንቲሜትር ኢነርጂ ብትጨምሪ ጥልቀቱ ወይ 7 ከፍ ወይ 6 ሳንቲሜትር ዝቅ ሊል ይችላል፤ ትንሽ ሻካራ ግድግዳ ሲያገኝ ገጹ ይዋዥቃል። የውኃው ፍጥነት ለትንሿ ሞገድ ፍጥነት ሲካፈል የፍሩድ ቁጥር ይባላል፤ እኔ ይህ ቁጥር ከ0.8 እስከ 1.2 ያለውን እሸሻለሁ። ጠበብ የሚያደርጉት ባልደረቦች አሉ፣ እስካሁን አልተስማማንም።