ቀኑን ሙሉ የዋለውን ስብሰባ በአንድ ገጽ

«ጋሼ፣ እንደምን አሉ? ባሕር ዳር በአንድ የእምቦጭ ማስወገድ ፕሮጀክት ውስጥ ነው የምሠራው። ስቲሪንግ ኮሚቴው ከጠዋት እስከ ማታ ተሰብስቦ 14 ገጽ ቃለ ጉባኤ ወጣው። ላልተገኙት ኃላፊዎች በአንድ ገጽ አሳጥሪው ተባልኩ። አልገባ ሲለኝ የፊደሉን መጠን ወደ 9 አወረድኩት። በማግስቱ አንዱ ኃላፊ ደውለው ‹ታዲያ ከእኔ ምን ትፈልጋላችሁ?› አሉኝ። የፋይናንሱ ደግሞ ‹የማሽኑን ጥገና ገንዘብ ልልቀቅ?› አሉ። የቱ ጋ ነው ያበላሸሁት? ሁለቱንም ሰነድ አያይዣለሁ።»

እህቴ፣ ችግሩ ርዝመቱ አይደለም። ስለ ሁለቱ ስልኮች ሳነብ አንድ ነገር ጠረጠርኩ፤ ሰነዶቹን ስከፍት ያው ሆኖ አገኘሁት። ቃለ ጉባኤውን ከላይ ወደ ታች፣ አጀንዳ በአጀንዳ እየተከተልሽ ነው ያሳጠርሽው። ሁለቱም ስልኮች የመጡት ከዚህ ነው።

ይህቺን ነገር ሰፋ አድርጌ ላስረዳሽ፤ ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነውና። ስብሰባ በአጀንዳው ቅደም ተከተል ይጀመራል እንጂ ሐሳቡ በዚያ ተራ አይሄድም። ጠዋት አንድ ነገር ይወሰናል። ከምሳ በኋላ ስለ ሌላ ጉዳይ ሲወራ አንድ ሰው እጁን አውጥቶ የጠዋቱን ውሳኔ የሚነካ ነገር ይናገራል። ሰብሳቢው «እንግዲያው እንዲህ ይሁን» ብለው ያልፉታል። ቃለ ጉባኤ ያዥዋ ደግሞ ያኔ በነበሩበት አጀንዳ ሥር ትጽፈዋለች። ስለዚህ ውሳኔው አንድ ገጽ ላይ፣ ቅድመ ሁኔታው ሌላ ገጽ ላይ ይቀራል። አዳራሹ ውስጥ የዋለ ሰው ሁለቱንም ስለሰማ በጭንቅላቱ ያገናኛቸዋል። ያልተገኘው ሰው ግን ያለው ያቺ ወረቀት ብቻ ናት።

ያንቺውን እንይ። ገጽ 3፣ አጀንዳ 2 ላይ «የቆመው የማጨጃ ማሽን በ1.8 ሚሊዮን ብር እንዲጠገን ተወስኗል» ይላል። ገጽ 11፣ በጀት በሚለው አጀንዳ 5 ሥር ደግሞ «ለጥገና የተያዘው በጀት ስላለቀ ከመጠባበቂያ እንዲወሰድ ለበላይ ኃላፊ ይቅረብ፤ ጥገናው ሲፈቀድ ይጀመር» ይላል። ስታሳጥሪ የገጽ 3ቱ «ተወስኗል» ስለሚል ተረፈ። የገጽ 11ዱ ተራ የበጀት ዝርዝር መስሎሽ ወጣ። የፋይናንሱ ኃላፊ «ተወስኗል» የሚለውን አይተው ገንዘቡን ሊለቁ ተነሡ። ፈቃዱን መስጠት ያለባቸው ኃላፊ ደግሞ ማንም እንዳልጠየቃቸው ነው ያነበቡት። ደግነቱ ሁለቱም ደወሉ። ዝም ቢሉ ኖሮ ወይ ያልተፈቀደ ገንዘብ ይወጣል፣ ወይ ማሽኑ ቆሞ ይቀራል።

ስለዚህ አጥብቄ የምነግርሽ ይህን ነው፦ ያልተወሰነውን «ተወስኗል» ብለሽ አትጻፊ። በቅድመ ሁኔታ የተወሰነውንም ቅድመ ሁኔታውን ነጥለሽ አትጻፊ። በዚያች ገጽ ላይ ተመሥርቶ ክፍያ ይፈጸማል፤ ኦዲተር ሲመጣ ደግሞ ወረቀቷ ፋይል ውስጥ ትገኛለች።

አሁን ወደ መፍትሔው። ያንን የ9 ፊደል ገጽ አታስተካክዪው፣ ተይው። ፊደል ማሳነስና ኅዳግ ማጥበብ ችግሩን ይደብቀዋል እንጂ አይፈታውም። በ12 ፊደል ጻፊና ከ300 ቃል በላይ አትሂጂ።

ቃለ ጉባኤውን አትሚና ሦስት ቀለም እስክሪብቶ ያዢ። በአንዱ የተወሰነውን፣ በሁለተኛው ለበላይ ይቅረብ የተባለውን፣ በሦስተኛው ለሌላ ጊዜ የተላለፈውን አስምሪ። ውይይቱን አትንኪው። ከዚያ ከመጨረሻው ገጽ ወደ መጀመሪያው እየሄድሽ አንብቢ። ለእያንዳንዱ ያሰመርሽበት ውሳኔ ከኋላ የመጣ ቅድመ ሁኔታ ወይም ለውጥ ካለ በቀስት አገናኚው። ገጽ 11 እና ገጽ 3 የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው። 14 ገጽ ሰነድ ላይ ይህ ሥራ ከሰዓት በኋላሽን ቢበላው አይግረምሽ።

ገጹ የሚጀምረው አንባቢው ማድረግ ባለበት ነገር ነው። ያንተ ያለህ፣ ያ «የስብሰባው ዓላማ፣ የመክፈቻ ንግግር፣ የተገኙ አባላት ብዛት» የሚለው ቅጽ ከየት እንደመጣ እንጃ! ከቢሮ ቢሮ እየተገለበጠ ይዞራል፤ ያንቺንም ገጽ ሢሶውን በልቶታል። ጣይው። ቀኑንና የቃለ ጉባኤውን ቁጥር ከግርጌ በአንድ መስመር አስቀምጪ። መክፈቻው እንዲህ ቢሆን፦

«ከእርስዎ የሚጠበቅ፦ ለማጨጃ ማሽኑ ጥገና 1.8 ሚሊዮን ብር ከመጠባበቂያ በጀት እንዲወሰድ እስከ ጥቅምት 10 እንዲፈቅዱ። ኮሚቴው ጥገናውን የወሰነው ይህ ከተፈቀደ ብቻ ነው፤ እስከዚያ ክፍያ አይፈጸምም። ፈቃዱ ከዘገየ ማሽኑ ከሩዝ አጨዳ በፊት አይደርስም፤ አጨዳ ከተጀመረ ደግሞ በእጅ የሚነቅል ሰው አይገኝም።»

የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር እንዳታወጪያት። ገጽ 6 ላይ የፎገራው ተወካይ የተናገሩት ነው፤ አንቺ ግን «ሰፊ ውይይት ተደርጎበታል» ብለሽ አልፈሽዋል። ኅዳር ሲገባ የፎገራ ገበሬ ሩዙን ትቶ አረም ሊነቅል አይወጣም። እምቦጭ ደግሞ ከተመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል። ጥቅምት 10 የሚለው ቀን ለምን እንደተቆረጠ ለኃላፊው የሚነግራቸው ይህ ብቻ ነው።

ከዚህ በታች የተወሰኑትን አስቀምጪ። ለእያንዳንዱ ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ። «አቅጣጫ ተቀምጧል» እና «በትኩረት ይሠራ» የሚሉትን ካገኘሽ ሰብሳቢውን ጠይቂ፦ ማን ነው የሚሠራው? ባለቤት ካልተገኘለት ውሳኔ አይደለምና ከዝርዝሩ ይውጣ።

ቀጥሎ የተላለፈውና ያልተስማሙበት። የተነቀለው አረም የት ይከመር የሚለው ሁለት ሰዓት ፈጅቶ ሳይቋጭ ቀርቷል። አንቺ ግን ሩብ ገጽ ሰጥተሽዋል። ይህ ይበቃዋል፦ «የሁለት ወረዳ ተወካዮች አረሙ በግጦሽ መሬት ዳር መከመሩን ተቃውመዋል፤ ሐይቁ ሲሞላ ተመልሶ ይገባል የሚል ስጋትም ተነሥቷል። ጉዳዩ ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላልፏል።» ተቃውሞውን ለማለስለስ ብለሽ አትተዪው። እነዚያ ተወካዮች ነገ ለኃላፊው መደወላቸው አይቀርም፤ ኃላፊውም ያኔ እንግዳ ሊሆኑበት አይገባም።

ከመላክሽ በፊት ገጹን ለሰብሳቢው አሳዪና ስለ እያንዳንዱ «ተወስኗል» ለየብቻ ጠይቂ፦ ይህ ያለ ቅድመ ሁኔታ ነው? እደግመዋለሁ፣ ያልተወሰነውን ተወስኗል አትበዪ። ቃለ ጉባኤው ገና ካልተፈረመ ገጹ አናት ላይ «ረቂቅ» ብለሽ ጻፊ።

ያንን የተላከውን ገጽ በተመለከተ ግን ዛሬውኑ መጀመሪያ ለፋይናንሱ ኃላፊ ደውዪና ክፍያው ፈቃድ እየጠበቀ መሆኑን ንገሪያቸው። ከዚያ አዲሱን «የተሻሻለ፣ የቀድሞውን የሚተካ» ብለሽ የመጀመሪያው ለደረሳቸው ሁሉ ላኪ። የተለወጠው የማሽኑ ጥገና መሆኑን በአንድ መስመር ጥቀሺ፤ አለበለዚያ ሁለቱን ወረቀት አስተያይቶ ልዩነቱን የሚፈልግ ኃላፊ አታገኚም።