ለብሎክ ኮሚቴ የሚቀርብ ሐሳብ አጻጻፍ፦ ጥያቄና መልስ

የቀድሞው ጸሐፊ፦ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ ኮሚቴ ጸሐፊ ሆኜ ብዙ ማመልከቻ አንብቤያለሁ፤ አብዛኛው መሳቢያ ውስጥ ቀርቷል። ለኮሚቴ የሚቀርብ ሐሳብ እንዴት እንደሚጻፍ ጠይቁኝ። የስም ዝውውርና የዕጣ ጉዳይ አልመልስም።

ከአራተኛ ፎቅ፦ ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ። ብሎካችን ከምድር ቤቱ በላይ አራት ፎቅ አለው፤ በየወለሉ አራት ቤት ነው። ውሃ በሳምንት ሁለት ሌሊት በፈረቃ ይመጣል፤ ወደ እኛ ግን አይወጣም። ለኮሚቴው እንዲህ ጻፍኩ፦ «ችግር፦ ሮቶ የለንም። መፍትሄ፦ የ10,000 ሊትር ሮቶ ይገዛ። ጥቅም፦ የውሃ ችግራችን ይፈታል።» ሰብሳቢው «እናየዋለን» ብለው አስቀመጡት። ምን ጎደለው?

የቀድሞው ጸሐፊ፦ ልጄ፣ ሦስት ርዕስ ጻፍሽ እንጂ ያልሽው አንድ ነገር ነው፤ «ሮቶ ግዙ»። «ሮቶ የለንም» ችግር አይደለም፤ መፍትሄሽን ገልብጠሽ በችግር ቦታ አስቀመጥሽው። እንዲህ ሲጻፍ ኮሚቴው የሚመልሰው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ገንዘብ የለም»። ስለ ችግሩ የሚያወያየው አንድም ነገር አልሰጠሽውም።

ችግር ማለት በማን ላይ፣ መቼ፣ ምን ያህል የሚደርስ ነገር ነው። አንድ ደብተር ግዢና ለአንድ ወር ያዢው። በፈረቃው ሌሊት ውሃው ስንት ሰዓት መጣ? ስንት ሰዓት ሄደ? የስንተኛው ፎቅ ቧንቧ ድረስ ወጣ? ከየወለሉ አንድ ሰው ቧንቧ ከፍቶ ያረጋግጥ። እንበልና አንደኛ ፎቅ ደርሶ ይቆማል። ያን ጊዜ እንዲህ ትጽፊያለሽ፦ «በፈረቃው ሌሊት ውሃው ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ይመጣል። ከአንደኛ ፎቅ በላይ አይወጣም። ከ20 ቤቶች 12ቱ ውሃቸውን በጄሪካን ከግቢው ቧንቧ በደረጃ ይሸከማሉ።» ከዚያ ደብተሩን አያይዢ። ይህን ያነበበ የምድር ቤት ነዋሪ እንኳ ሌሊት በደረጃው ላይ የሚሰማው ኳኳታ ከየት እንደመጣ ይገባዋል።

በችግሩ ክፍል ውስጥ «ሮቶ» የሚለው ቃል አንድ ጊዜ እንኳ አይግባ። ይህን ደጋግሜ እላለሁ፤ አትሰልቹኝ።

ባለ ቧንቧው፦ ሥራዬ የቧንቧ ሥራ ነው። ይህ ሁሉ ደብተር ምን ያደርጋል? ፓምፕ ከቆጣሪው ቀጥሎ በመስመሩ ላይ ይገጠም፤ እስከ አራተኛ ፎቅ ይገፋል። ሮቶም አያስፈልግም፤ ወጪውም ያንሳል።

የቀድሞው ጸሐፊ፦ መግፋቱን ይገፋል፤ ያ ልክ ነህ። ነገር ግን ፓምፑ የሚገፋውን ውሃ ከመስመሩ ነው የሚስበው። መስመሩ ውስጥ ግፊቱ ከውጭው ሲያንስ በየስንጥቁና በየመጋጠሚያው በኩል በዙሪያው ያለው ቆሻሻ ውሃ ወደ ውስጥ ይገባል። የጎረቤት ብሎክም ባዶ ቧንቧ ይዞ ያድራል። ፈረቃው ሲያልቅ ደግሞ ፓምፑ በባዶው እየዞረ ይቃጠላል። ይህን ሐሳብ ለኮሚቴ ያቀረበ ሰው በሚቀጥለው ስብሰባ ከጎረቤት ብሎክ ኮሚቴ ጋር ነው የሚቀመጠው። ውሃው መጀመሪያ በራሱ ግፊት ምድር ላይ ወዳለ ሮቶ ይግባ፤ ፓምፑ ከሮቶው ይሳብ።

ባለ ቧንቧው፦ በየሰፈሩ እየተገጠመ ነው እኮ። አንዱም ሲቃጠል አላየሁም።

የቀድሞው ጸሐፊ፦ እየተገጠመ መሆኑን አውቃለሁ።

ከአራተኛ ፎቅ፦ እሺ፣ ችግሩን እንዳሉኝ አስተካክላለሁ። ታዲያ መፍትሄው ላይ «10,000 ሊትር ሮቶና ፓምፕ» ብዬ ልጻፍ?

የቀድሞው ጸሐፊ፦ ለምን 10,000? የጎረቤት ብሎክ ስለገዛ ነው አይደል? እኔ እንዲህ ያለውን ማመልከቻ ወደ ጎን ነበር የማደርገው፤ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ አይታወቅምና።

በፈረቃው ሌሊት አንድ የ20 ሊትር ጄሪካን ይዘሽ ከቆጣሪው አጠገብ ካለው ቧንቧ ቅጂና በስንት ጊዜ እንደሚሞላ በሰዓት ያዢ። በአንድ ደቂቃ ሞላ እንበል። በሰዓት 60 ጄሪካን ነው፤ 1,200 ሊትር። በስድስት ሰዓት 7,200 ሊትር ይሆናል፤ ያውም የታች ቤቶች ቧንቧቸውን ካልከፈቱ። እንግዲህ የ10,000 ሊትር ሮቶ ገዝታችሁ አንድም ሌሊት ሳይሞላ ይከርማል፤ ሰዉም «ኮሚቴው በላው» ይላል። የ7,000 ሊትር ሮቶ ብትጽፊ ደግሞ፣ ውሃውን ለ20 ቤት ስታካፍዪው ለአንድ ቤት 350 ሊትር ነው፤ 17 ጄሪካን ገደማ። እስከሚቀጥለው ፈረቃ ሦስት ወይም አራት ቀን ስላለ በቀን አምስት ጄሪካን አካባቢ ይደርሳል። ሐሳብሽ ሊሰጥ የሚችለው ይህን ያህል ነው።

ፓምፑን በተመለከተ ነጋዴው በላዩ የተጻፈውን እያሳየ «35 ሜትር ይገፋል» ብሎ ይኩራራል። በዚያ ከፍታ ላይ ግን ከፓምፑ ምንም ውሃ አይወጣም። የተጻፈው ውሃው ወጥቶ የሚቆምበት ጫፍ ነው። የአራተኛ ፎቅ ቧንቧ ከመሬት 13 ወይም 14 ሜትር ላይ ነው፤ በቱቦና በክርን የሚጠፋውን ስትጨምሪ «በ20 ሜትር ከፍታ በደቂቃ ስንት ሊትር ይሰጣል?» ብለሽ ጠይቂ። ለእንዲህ ያለ ብሎክ አንድ የፈረስ ጉልበት የሆነ ፓምፕ ብዙውን ጊዜ ይበቃል። ሮቶው ሲሞላ 7 ቶን ስለሚመዝን የኮንክሪት መቀመጫውን በወጪው ውስጥ አትርሺ። ከፓምፑ ቀጥሎ ውሃው ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከለክል ቫልቭ፣ ፓምፑ ባዶውን እንዳይዞር የሚያጠፋ ተንሳፋፊ ማብሪያም ይግባ። የመብራቱን ሂሳብ የሚከፍለው የትኛው ቆጣሪ እንደሆነ፣ ቁልፉ በማን እጅ እንደሚሆንም ጻፊ። እነዚህ ሁለቱ ከተረሱ ፓምፑ የሚያከራክረው በተገጠመ በሳምንቱ ነው።

ነጋዴዋ፦ እኔ የወፍጮ ቤት ልከፍት አስቤ ለብድር ዕቅድ እያዘጋጀሁ ነው። በችግር፣ በመፍትሄና በጥቅም ልጻፈው?

የቀድሞው ጸሐፊ፦ እኅቴ፣ የብድር ዕቅድ ሌላ ነገር ነው። አበዳሪሽ የራሱ ቅጽ አለው።

ምድር ቤት ነኝ፦ ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ ምድር ቤት ነኝ፤ ውሃዬ ይመጣል። ለአራተኛ ፎቅ ሮቶ ለምን እከፍላለሁ? ከዚህ በላይ ደግሞ ፓምፑ እኔ መስኮት ሥር ሊተከል ነው!

የሕግ ተማሪው፦ የኮንዶሚኒየም አዋጅ ቁጥር 370/1995 አለ። የጋራ ወጪ የሁሉም ነው፤ ወደዱም ጠሉም ይከፍላሉ።

ምድር ቤት ነኝ፦ ወንድሜ፣ አዋጁ የእኔን መስኮት ያውቀዋል?

የሕግ ተማሪው፦ የጋራ ንብረት የጋራ ነው፤ ምርጫ የለዎትም።

የቀድሞው ጸሐፊ፦ አዋጁን ጠቅሰህ ጎረቤት አታስፈራራ። ወጪው በምን ድርሻ እንደሚከፈል የየማኅበሩን መተዳደሪያ ደንብ ማየት ያስፈልጋል፤ አዲስ ዕቃ መግዛትና ያለውን መጠገንም በአንድ ዓይን አይታዩም። የእናንተን ደንብ ስላላየሁ አልፈርድም።

ምድር ቤት ያሉት ሰው ግን ጥሩ ነገር አንስተዋል። የጥቅሙ ክፍል የሚጻፈው ለእርሳቸው ነው እንጂ ለአራተኛ ፎቅ አይደለም፤ አራተኛ ፎቅማ ድሮም ይስማማል። እሺ የማይል ሰው ምን ያገኛል? በፈረቃው ሌሊት በበሩ ላይ የሚሰለፍ ጄሪካን ይቀርለታል፤ ደረጃው እየራሰ ሰው አይንሸራተትም፤ ፈረቃ በሌለበት ቀንም ውሃ ያገኛል። ፓምፑ ከመስኮቱ ርቆ እንደሚተከልና ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ እንደማይሠራ ደግሞ በመፍትሄው ውስጥ በጽሑፍ ይስፈርለት። ይህን ያልጻፈ ሰው በስብሰባው ቀን ይሟገታል።

ምድር ቤት ነኝ፦ በጽሑፍ ከሆነ እንነጋገራለን። ስለ ገንዘቡ ግን ገና ነኝ።

የጀሞው፦ የእኛ ብሎክ ችግር ፓምፕ አለመኖሩ ነው። እንዴት እንጻፈው?

የቀድሞው ጸሐፊ፦ ከላይ ያለውን አንብብ።

የጀሞው፦ አንብቤዋለሁ፤ የእኛ ግን ሮቶ አለን፤ የጎደለን ፓምፑ ብቻ ነው ለማለት ነው።

የቀድሞው ጸሐፊ፦ ወንድሜ፣ «ፓምፕ የለንም» ያው «ሮቶ የለንም» ነው! ሮቶ ካላችሁ ማን ነው ውሃ ያጣው? የትኛው ፎቅ? በሳምንት ስንት ቀን? ምናልባት ሮቶው ራሱ አይሞላ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ፓምፑ ምን ይገፋል? ሌሊት ክዳኑን ከፍተህ ውሃው ስንት ድረስ እንደደረሰ ለካ፤ ከዚያ ተመለስ።

ከሪያድ፦ ቤቴ የተከራየ ነው፤ እኔ ሪያድ ነኝ። ተከራዬ ፈርሞልኛል። ይበቃል?

የቀድሞው ጸሐፊ፦ ለችግሩ ምስክርነት ይበቃል፤ ውሃውን የሚሸከመው እርሱ ነውና። ለገንዘቡ አይበቃም፤ የቤቱ ባለቤት እርስዎ ነዎት። የሚወክልዎት ሰው ካለ በውክልናው ይፈርም።

ከአራተኛ ፎቅ፦ ጋሼ፣ የመጨረሻው። ጥቅሙ ላይ «24 ሰዓት ውሃ እናገኛለን» ብል ሰዉ ቶሎ አይስማማም?

የቀድሞው ጸሐፊ፦ ይስማማል፤ ከስድስት ወር በኋላ ደግሞ በስምሽ ይሰድብሻል። ችግሩን በጄሪካን ከቆጠርሽ ጥቅሙንም በጄሪካን ቁጠሪ። «12 ቤቶች ከእንግዲህ በደረጃ አይሸከሙም፤ ሮቶው በሚሞላበት ሌሊት ለእያንዳንዱ ቤት እስከ 17 ጄሪካን ይደርሳል፤ ፈረቃው ከቀረ ሮቶውም ባዶ ይሆናል።» የመጨረሻዋን ሐረግ አታውጪያት። ከተማው ውሃ ካልላከ ሮቶ ውሃ አይወልድም፤ ኮሚቴው ይህን አስቀድሞ ካነበበ ኋላ ማንንም አይወቅስም።

ባለ ቧንቧው፦ ለአንድ ቤት 17 ጄሪካን ብቻ ከሆነ ማን ነው የሚቆጥረው? የመጀመሪያው ቤት ቧንቧውን ከፍቶ ቢተኛስ?

የቀድሞው ጸሐፊ፦ ይህ ጥሩ ጥያቄ ነው። አንዳንድ ብሎክ ለየቤቱ ትንሽ ቆጣሪ ይገጥማል፤ አንዳንዱ ፓምፑን በቀን ለሁለት ሰዓት ብቻ ይከፍታል። ሁለቱም ጥል አላቸው። የትኛው እንደሚሻል ነዋሪው ይወስን፤ ብቻ በሐሳቡ ውስጥ ሳይጻፍ አይቅረብ።

ነጋዴዋ፦ ጋሼ፣ የአበዳሪው ቅጽ ላይ «የሚጠበቅ ጥቅም» የሚል አለ እኮ…

የቀድሞው ጸሐፊ፦ እኅቴ፣ ወፍጮ አላውቅም።